«ሲደርስ» እና «ካለፈ»፦ ገበያው ለምን እዚያው ቁጥር ላይ ይቆማል?

(ይህ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ላይ፣ ቻርት ማየት ለጀመሩ ወጣቶችና ለጥቂት የቡና ነጋዴዎች በቃል የተናገርኩት ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው የተደጋገመውን ቀንሻለሁ። ጥያቄዎቹን ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ በረድ ይበል ብለን ነው ማምሻውን የተገናኘነው። እንደምታዩት አልበረደም። ማራገቢያው አጠገብ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሌሎቻችን እንችለዋለን።

ከፍየል ልጀምር። ባለፈው ሳምንት አንድ ዘመዴ ፍየል ሊሸጥ ተዘጋጅቶ አገኘሁት። «ስንት ሲደርስልህ ትሸጣለህ?» አልኩት። «አስር ሺህ ሲደርስ» አለኝ። ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አላለኝም። ማንም እንዲህ አይልም። «ገበያው ቢወርድብህስ?» አልኩት። «ከስምንት ሺህ ካለፈ መኖ አላባክንም፣ ባገኘሁት እሸጣለሁ» አለኝ።

እዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ አለ። «ሲደርስ» ያለው ቁጥሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ትዕዛዝ ነው። «ካለፈ» ያለው ደግሞ ከቁጥሩ ትንሽ ወዲያ የተቀመጠ ነው። ከሁሉ በላይ ግን «ባገኘሁት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የመጀመሪያው ሽያጭ ዋጋ ይመርጣል። ሁለተኛው አይመርጥም።

አሁን ፍየሉን ወደ ዩሮና ዶላር እንውሰደው። ዩሮ 1.0925 ዶላር ላይ ነው እንበል፤ እየወረደም ነው። ከላይ ሸጠው ውድቀቱን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እነሱ «1.0900 ሲደርስ ትርፌን እወስዳለሁ» ይላሉ። ትርፍ መውሰድ ለእነሱ መልሶ መግዛት ማለት ነው። ስለዚህ 1.0900 ላይ የግዢ ትዕዛዝ ይከማቻል። ቴክ ፕሮፊት የምንለው ይኸው ነው። ገዝተው የተቀመጡት ደግሞ «ከ1.0900 ካለፈ ባገኘሁት እወጣለሁ» ይላሉ። የእነሱ ስቶፕ ሎስ 1.0900 ላይ አይቀመጥም፤ ከሱ በታች 1.0895፣ 1.0890 አካባቢ ነው። ስለዚህ እንደ 1.0900 በዜሮዎች የሚያልቀው ክብ ቁጥር ላይ ገዢ ተሰልፏል፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ዋጋ የማይመርጥ ሻጭ ተሰልፏል። ቁጥሩ ላይ ፍራሽ አለ፤ ከፍራሹ ሥር ግን ወለሉ ተነቅሏል።

ይህን ከራሴ ፈጥሬ አይደለም። ካሮል ኦስለር የምትባል ኢኮኖሚስት በኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ስትሠራ አጥንታዋለች። በ2003 የታተመው ሥራዋ የአንድ ትልቅ ባንክ ደንበኞች ያስቀመጧቸውን ወደ አስር ሺህ የሚጠጉ ትዕዛዞች ተመልክቷል። ቻርት ላይ የተሰመረ መስመር ሳይሆን ትዕዛዙን ራሱን ማለቴ ነው። ያገኘችው የዘመዴን ዓረፍተ ነገር ነው። ቴክ ፕሮፊቶቹ በ00 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ተከምረዋል። ስቶፖቹ ደግሞ ከቁጥሩ ጥቂት ወዲያ ናቸው፤ የመሸጫው ስቶፕ ከታች፣ የመግዣው ስቶፕ ከላይ። ከዚህ ተነስታም ዋጋ ክብ ቁጥር ላይ ብዙ ጊዜ ለምን እንደሚመለስ፣ ከተሻገረው ደግሞ ለምን እንደሚፈጥን አስረዳች።

ልብ በሉ፤ መመለሱም መፍጠኑም ከአንድ ቁጥር የሚመጣ ነው። ኢንተርኔት ላይ «1.0900 ጠንካራ ሰፖርት ነው፣ ዋጋውን ከታች ይደግፈዋል፣ ግዛ» የሚላችሁ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

ክብ ቁጥር ይህን ያህል። ወደ ፒቮት ልለፍ፤ እሱ ትንሽ ስሌት አለው።

ፒቮት የወለል ነጋዴዎች ልማድ ነው። ኮምፒውተር ሳይመጣ ቺካጎ ውስጥ እየተጯጯሁ የሚገበያዩ ሰዎች ጠዋት ገበያ ሳይከፈት እርሳስ ይዘው ያሰሉት ነበር። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የትናንት ከፍተኛ፣ የትናንት ዝቅተኛ፣ የትናንት መዝጊያ። ይደመራል፣ ለሦስት ይካፈላል፣ አለቀ። ከዚያ በላይና በታች የሚወጡት መስመሮች ከዚሁ ይመነጫሉ። H ከፍተኛው፣ L ዝቅተኛው፣ C መዝጊያው፣ P ፒቮቱ ነው፤ R የሚሉት ከላይ፣ S የሚሉት ከታች ያሉት መስመሮች ናቸው።

```
P  = (H + L + C) / 3
R1 = 2*P - L
S1 = 2*P - H
R2 = P + (H - L)
S2 = P - (H - L)
```

ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ነኝ ያዘጋጀኋቸው። ትናንት ከፍተኛው 1.0940 ነበር፣ ዝቅተኛው 1.0860፣ መዝጊያው 1.0925። ድምሩ 3.2725 ነው። ለሦስት ሲካፈል ፒቮቱ 1.0908 ይሆናል። R1 1.0957 ላይ፣ S1 1.0877 ላይ ይወጣሉ። የቀኑ ስፋት 80 ፒፕ ስለነበር R2 ከፒቮቱ 80 ፒፕ ከፍ ብሎ 1.0988፣ S2 ደግሞ 80 ፒፕ ዝቅ ብሎ 1.0828 ይሆናሉ። ፒፕ ማለት ከነጥቡ በኋላ ያለችው አራተኛዋ አሃዝ ናት፤ ከ1.0900 ወደ 1.0901 መሄድ አንድ ፒፕ ነው።

ሰዎች ለምን ይህን ይወዱታል? መስመሩ ቀኑ ሳይጀምር የታወቀ ነው። ትሬንድ ላይን ስታሰምሩ እኔና እናንተ የተለያየ ጫፍ ልንመርጥ እንችላለን። ፒቮት ላይ ግን ምርጫ የለም፤ ሦስት ቁጥር አስገባ፣ መልሱን ውሰድ። ለዚህ ነው «ሁሉም ሰው የሚያየው መስመር» የሚባለው።

አቦ፣ እዚህ ጋ ነው ጭቅጭቄ። እውነት ሁሉም ሰው ያንኑ ያያል?

ያ «መዝጊያ» የምንለው ቁጥር ከየት መጣ? የቺካጎው ገበያ ደወል ነበረው። ሲደወል ተዘጋ። የውጭ ምንዛሬ ገበያ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ አይዘጋም። ስለዚህ ቀኑ የሚያልቀው በስምምነት ነው። ብዙዎች የኒውዮርክን ከቀኑ 11 ሰዓት ይይዛሉ፤ ፈረንጆቹ 5 ሰዓት የሚሉትን ማለቴ ነው። ይህ በነሱ የበጋ ሰዓት ለእኛ ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 7 ሰዓት። የሌሎች ብሮከሮች ሰርቨሮች ቀኑን በግሪኒች እኩለ ሌሊት ይቆርጣሉ። እሱ ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። መሃል ላይ ሦስት ሰዓት አለ። እኛ እንቅልፍ ላይ ነን፤ ዋጋው ግን ይንቀሳቀሳል።

ያንኑ ቀን በሁለተኛው፣ በግሪኒቹ ሰርቨር እንየው። ዝቅተኛው 1.0860 የተመታው በቀኑ መጀመሪያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነበር እንበል። ሁለተኛው ሰርቨር ያንን ሰዓት ከትናንት ወዲያ ጋር ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ የሱ ዝቅተኛ 1.0878 ነው። መዝጊያውም ይለያል፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ዋጋው ስለወረደ 1.0901 ላይ ዘጋ። ከፍተኛው ያው 1.0940 ነው። አስሉት። ፒቮቱ 1.0906 ይወጣል። ከመጀመሪያው ጋር ልዩነቱ ሁለት ፒፕ ብቻ ነው፤ ምንም አይደለም። R1ን ግን ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ሰርቨር 1.0957 ይላል፣ ሁለተኛው 1.0935። 22 ፒፕ! በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀመር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፒቮቱ አማካይ ነው፤ ስህተት ሲገባበት ለሦስት ተካፍሎ ይቀንሳል። R1 ግን የትናንቱን ዝቅተኛ በቀጥታ ይቀንሳል። ዝቅተኛው 18 ፒፕ ከፍ ማለቱና መዝጊያው 24 ፒፕ መውረዱ ፒቮቱ ላይ ተቻቻሉ፤ R1ን ግን ሁለቱም ወደ ታች ገፉት፣ አንዱ 6 ፒፕ፣ ሌላው 16። ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፤ መሃለኛዋን ፒቮት ብዙ ሰው በተቀራራቢ ቦታ ያያታል፤ R1ና S1ን ግን እያንዳንዱ መንደር በየራሱ ቦታ ያያቸዋል። 1.0900 ግን በሁሉም ስክሪን 1.0900 ነው። ሰርቨር አይቀይረውም።

አንድ ሌላ ወጥመድ ልጨምር። ቻርት የምናይበት ትሬዲንግቪው ላይ «Pivot Points Standard» የሚለውን ስታስገቡ የጊዜ ምርጫው Auto ላይ ነው። እንዳለ ከተዋችሁት የ15 ደቂቃ ቻርት ላይ የዕለት ፒቮት ያሳያችኋል። ወደ 30 ደቂቃ ስትቀይሩ ሳይነግራችሁ የሳምንት ፒቮት ያደርገዋል። መስመሮቹ ሁሉ ይዘላሉ። ሁለት ጓደኛሞች አንዱ በ15፣ አንዱ በ30 ደቂቃ ከፍተው «የኔ ሰፖርት እዚህ ነው» ብለው ሲጣሉ በዓይኔ አይቻለሁ። Auto የሚለውን Daily አድርጉት፣ ጣጣው ያልቃል።

እሺ። አሁን የዛሬውን ቀን አብረን እንሂድበት። ፒቮታችን 1.0908፣ ከሱ ስምንት ፒፕ ዝቅ ብሎ ክብ ቁጥሩ 1.0900። ቀኑ 1.0925 ላይ ጀመረ። ሌሊቱን ወርዶ 1.0901 ደረሰ፣ እኛ ስንነሳ 1.0918 ነው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለንደን ተከፈተ። ዋጋው 1.0908ን ቀጥ ብሎ አለፈው፤ ፒቮቱ ላይ አልቆመም። 1.0902 ደርሶ ተመለሰ፣ እስከ 1.0912 ወጣ። የ10 ፒፕ ንጥረት ነው። እንደገና ወረደ፣ 1.0901 ነካ፣ አሁን 1.0907 ድረስ ብቻ ወጣ። ስድስት ፒፕ። ለሦስተኛ ጊዜ 1.0900ን ራሱን ነካ፣ 1.0903 ላይ ደከመ።

ይህን ሲያዩ ብዙ ጀማሪዎች «ሦስት ጊዜ ያዘ፣ ስለዚህ ጠንካራ ነው» ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማነበው። 1.0900 ላይ የተሰለፈው የግዢ ትዕዛዝ ማለቂያ የሌለው ምንጭ አይደለም። ዋጋው በነካው ቁጥር የተወሰነው ይፈጸማል፤ የተፈጸመ ትዕዛዝ ደግሞ ተመልሶ አይሰለፍም። 10፣ 6፣ 3 ፒፕ። ንጥረቱ እየተመናመነ ነው። ፍራሹ እየሳሳ ነው።

አራተኛው ላይ 1.0896 ሆነ። ከዚያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 1.0884። ዜና የለም፤ ማንም ምንም አልተናገረም። «ካለፈ ባገኘሁት» ያሉት ናቸው አንዱ አንዱን የገፉት። አንዱ ስቶፕ ሲፈጸም ዋጋውን ትንሽ ያወርደዋል፤ ያ የሚቀጥለውን ስቶፕ ያነቃል።

ውድቀቱ 1.0879 ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ሰርቨር S1 1.0877 ላይ ነው። ሁለት ፒፕ ቀርቶት ተመለሰ። ይህም ልማድ ነው። ብዙ ሰው አንድ መስመር ላይ ሲሰለፍ ተራ እንዳያመልጠው የሚፈራ ሰው ከፊት ይቆማል። ዳቦ ሰልፍ ላይ እንደሚሆነው ነው። ሁለት ፒፕ ቀድሞ ይገዛል። ስለዚህ የሚታወቅ መስመር ላይ ልክ በቁጥሩ ትዕዛዝ አስቀምጦ ሳይፈጸምለት ዋጋው ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ዋጋው ወደ 1.0898 ወጣና ቆመ። ጠዋት ወለል የነበረው አሁን ጣሪያ ሆኗል። ቅድም 1.0903 ላይ ገዝተው ስቶፕ ያላስቀመጡት አሁን «እባክህ 1.0900 ይመለስልኝና ልውጣ» እያሉ ነው። ያው «ሲደርስ» ነው፤ አሁን ግን ሻጭ ሆነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የአሜሪካ የኢኮኖሚ ዳታ ወጣ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዋጋው 1.0900ንም 1.0908ንም እንዳላያቸው አልፎ 1.0936 ገባ። ዜና ሲመጣ እነዚህ መስመሮች ከወረቀት አይሻሉም። ዋጋ አውጪዎቹ ራሳቸው ትዕዛዛቸውን ከገበያው ያነሳሉ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። 1.0936 ላይ ቆመ። የሁለተኛው ሰርቨር ሰዎች «አየህ፣ R1 1.0935 ሠራ!» አሉ። የመጀመሪያው ሰርቨር ሰዎች «R1 ገና 21 ፒፕ ይቀረዋል፣ ይህ የትናንት ከፍተኛ 1.0940 ነው» አሉ። ሦስተኛው መጥቶ «1.0950ን ለመንካት ትንሽ ቀረው» አለ። ሁሉም ትክክል ሊመስል ይችላል። ለምን?

መስመሮቹን ቁጠሩ። የአንዱን ሰርቨር ብቻ እንውሰድ። ከS2 እስከ R2 ድረስ 160 ፒፕ አለ። እዚያ ውስጥ አምስት የፒቮት መስመር፣ 1.0850፣ 1.0900ና 1.0950፣ እንዲሁም የትናንት ከፍተኛና ዝቅተኛ አሉ። አስር መስመር። በአማካይ በየ18 ፒፑ አንድ ማለት ነው። ዋጋው የትም ቢመለስ አብዛኛውን ጊዜ በዘጠኝ ፒፕ ርቀት ውስጥ አንድ መስመር ይገኛል። ከዚያ የኋላውን ቻርት ስታዩ ገበያው ሁልጊዜ «ሌቭል ላይ» የተመለሰ ይመስላችኋል። ድሬዳዋ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትቆሙ አጠገባችሁ ባጃጅ አለ። ባጃጁ ግን እናንተን ጠብቆ አልቆመም።

ታዲያ እውነቱን ከአጋጣሚው እንዴት እንለይ? ኦስለር ከዚያ በፊት በ2000 ባወጣችው ጥናት ጥሩ ዘዴ ተጠቅማለች። ከ1996 እስከ 1998 ስድስት ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው በየዕለቱ የሚልኩትን የሰፖርትና የሬዚስታንስ፣ ማለትም ዋጋን ከታች የሚደግፍና ከላይ የሚያግድ ቁጥር ወሰደች። ጎን ለጎን በዘፈቀደ የተመረጡ መስመሮች ሠራች። ከዚያ ሁለቱም ላይ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ቆጠረች። የድርጅቶቹ ቁጥሮች በርግጥም ከዘፈቀደዎቹ በልጠዋል። ብልጫው ግን ጥቂት ፐርሰንት ነው። የዘፈቀደ መስመር ላይም ዋጋ ከግማሽ ጊዜ በላይ ይመለስ ነበር! ደስ የሚለው ደግሞ፣ ከድርጅቶቹ ቁጥሮች አብዛኞቹ በ0 ወይም በ5 የሚያልቁ ነበሩ። ባለሙያውም እንደ ዘመዴ ነው የሚያስበው።

ይህን ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የ60 ቀን ቻርት ውሰዱ። የዕለቱን ፒቮት አስምሩ፤ ከሱ 17 ፒፕ ራቅ አድርጋችሁ ሌላ የውሸት መስመር አስምሩ። አንድ ቀን ከላይ፣ አንድ ቀን ከታች። «መመለስ» ማለት ምን እንደሆነ ሳትጀምሩ ጻፉ፤ ለምሳሌ በአምስት ፒፕ ውስጥ ደርሶ፣ ሌላ አምስት ፒፕ ሳያልፍ 15 ፒፕ ወደ መጣበት ከተመለሰ። ከዚያ ቁጠሩ። እውነተኛው መስመር ከውሸቱ ካልበለጠ ያያችሁት መስመር ሳይሆን ተስፋችሁን ነው። እኔ ራሴ ይህን ሳልሠራ ሁለት ዓመት ያህል ፒቮት ነግጃለሁ። ስሠራው ብዙ ነገር ቀነስኩ። ከR2ና S2 ወዲያ ያሉትን R3ና S3ን ከቻርቴ አጠፋሁ፤ ለምን እንዳልጠራኋቸው አሁን ገባችሁ።

የራሴን አንድ ውርደትም ልንገራችሁ። አንድ ቀን ዩሮ ሸጬ ተኛሁ። ስቶፔን 1.0952 አደረግኩ፤ ከክብ ቁጥሩ ሁለት ፒፕ ከፍ አድርጌ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ጠዋት ስነሳ ሒሳቤ ተዘግቷል። ቻርቱን አየሁ፤ የሌሊቱ ከፍተኛ 1.0946 ነው። ስቶፔን አልነካውም! ብሮከሩን የማላውቀው ስድብ የለም፣ ሁሉንም ሰደብኩት። በኋላ ገባኝ። ቻርቱ የሚያሳየው የመሸጫውን ዋጋ ነው። ሸጦ የተቀመጠ ሰው ሲወጣ ግን ይገዛል፤ የሚገዛውም በላይኛው ዋጋ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ስፕሬድ ቀን ላይ አንድ ፒፕ ያህል ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ኒውዮርክ ሲዘጋ ግን ባንኮቹ ይሳሳሉ፣ ስፕሬዱ ይሰፋል። ያን ሌሊት ስድስት ሰባት ፒፕ ሆኖ ነበር። 1.0946 ሲደመር 6፣ 1.0952። አበቃ።

ሁለት ስህተት ነበረብኝ። አንዱ ስፕሬዱን መርሳቴ ነው። ትልቁ ግን ስቶፔን ሁሉም ሰው ስቶፑን የሚያኖርበት ቦታ ማኖሬ ነው። «ከ1.0950 ካለፈ» ያልኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። አሁን ስቶፕ የማስቀምጠው ክብ ቁጥሩ ቢጣስም ቶሎ የማይደረስበት ራቅ ያለ ቦታ ነው፤ የምነግደውን መጠን በዚያው ልክ እቀንሳለሁ። ርቀቱ እጥፍ ከሆነ መጠኑ ግማሽ ነው። መጠን ሳይቀንስ ስቶፕ የሚያርቅ ሰው ኪሳራውን ነው ያሳደገው።

ብዙ ሰው አንድ ቁጥር ላይ ሲቆም ምን ሊመጣ እንደሚችል በትልቁ የታየበት ቀን አለ። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ በሴፕቴምበር 2011 አንድ ዩሮ ከ1.20 የስዊስ ፍራንክ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም አለ። ክብ ቁጥር ነው፤ ከጀርባው ያለው ገዢ ደግሞ ራሱ ባንኩ። ከሦስት ዓመት በላይ ያዘ። ሰው ሁሉ ከ1.20 ትንሽ ከፍ ብሎ ይገዛል፣ ስቶፑን ከ1.20 ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ጃንዋሪ 15፣ 2015 ባንኩ በቃኝ አለ። ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ከ1.00 በታች ወረደ። 1.1990 ላይ ስቶፕ የነበራቸው ሰዎች 1.1990 ላይ አልወጡም። ስቶፕ «ባገኘሁት» ነው ብያችሁ የለ? የተገኘው በጣም ሩቅ ነበር።

ጥያቄ ካለ አሁን።

(ከፊት ረድፍ አንድ አዛውንት የቡና ነጋዴ ተነሱ።)

«ልጄ፣ የኔ ነገር ዩሮ አይደለም። የሐረር ቡና ነው። ማታ ማታ ልጆቼ የኒውዮርክን ዋጋ ያዩልኛል። ይህ ያልከው ለቡና ይሠራል ወይ?»

ጋሼ፣ በአንድ በኩል እንዲያውም ከዩሮ የተሻለ ይሠራል። የኒውዮርኩ የአረቢካ ውል በየቀኑ ይዘጋል፤ የዕለት መዝጊያ ዋጋውንም ገበያው ራሱ ያወጣል። ስለዚህ በመዝጊያው ላይ ጭቅጭቁ ያንሳል። ዋጋው በሴንት በፓውንድ ስለሆነ ክብ ቁጥሩም ግልጽ ነው፤ 300፣ 350፣ 400። በፈረንጆቹ 2025 ፌብሩዋሪ 400ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ እዚህ ከተማ ያልሰማ ነጋዴ የነበረ አይመስለኝም።

«እሱንማ ሰምተናል። እና 400 ሲደርስ ልሽጥ ነው የምትለኝ?»

አይ ጋሼ። ያ የልጆችዎ ቻርት የሚያሳየው የአንድ የማስረከቢያ ወር ውል ነው፤ ማርች ወይም ሜይ። የማርቹ ሲያልቅ ቻርቱ ወደ ሜይ ይዘላል። በሁለቱ መሃል የአስር ሴንት ልዩነት ሊኖር ይችላል። በዚያ ቀን የወጣ ፒቮት ከፍተኛውን ከአንዱ፣ መዝጊያውን ከሌላው ወስዶ ሊሆን ይችላል። የማይረባ ቁጥር ነው። ልጆቹ የውሉን ወር ስም ይዩልዎ። ውሉ በተቀየረ ማግስት ፒቮቱን ይተዉት።

ሁለተኛ፣ የእርስዎ ቡና ዋጋ ኒውዮርክ ሲደመር ወይም ሲቀነስ አንድ ልዩነት ነው፤ እሱን ከገዢዎ ጋር ነው የሚነጋገሩት። የኒውዮርክ ሌቭል የሚጠቅምዎ ዋጋ በሚቆርጡበት ሰዓት ነው። ገዢዎ «ዛሬ ዋጋ ቁረጥ» ካልዎትና ኒውዮርክ ከ300 ሁለት ሴንት ከፍ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ነክቶ እየደከመ ከሆነ፣ ከሥሩ ምን እንደተሰለፈ አሁን ያውቃሉ።

«‘ካለፈ’ ያሉት ናቸው።»

እነሱው ናቸው ጋሼ።

(አንድ ወጣት ከኋላ፦ «አንተ ራስህ ታዲያ መስመሩን ሲነካ ትገባለህ ወይስ ሲጥስ?»)

ሲነካ አልገባም። ከነካ በኋላ ምን ያህል እንደነጠረ አያለሁ። የመጀመሪያው ንክኪ ከሆነ፣ ለንደን ከተከፈተ በኋላ ከሆነ፣ ከፊቴ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ዳታ ከሌለ፣ ፒቮቱና ክብ ቁጥሩ በአስር ፒፕ ውስጥ ከተቀራረቡ፣ ያኔ ንጥረቱን እሞክራለሁ። ሦስተኛ ንክኪ ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ። ሲጥስም አብሬ አልሮጥም፤ በስቶፕ የተገፋ ዋጋ ስቶፑ ሲያልቅ ይቆማል፣ እንደ ዛሬው 1.0879። ከታች ተመልሶ ክብ ቁጥሩን ሲነካና ሲደክም ነው የምመለከተው።

ስንት ጊዜ ይሳካል ብትለኝ፣ ደብተሬን አምጥቼልሃለሁ። ከዚህ በኋላ ሻይ እየጠጣን እናየዋለን። የተሸነፍኩባቸው ገጾች በቀይ ናቸው፤ ቶሎ ታገኛቸዋለህ።